ሰባቱ ቤቶች፦ ባሕር ማዶ ለሚያድጉ ልጆቻችን አማርኛን በጨዋታ

(በማኅበራችን የአዋሽና የሰመራ ቅርንጫፎች የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባችንም ስለ ወፍጮአችንም አንናገርም። የምንናገረው ስለ አንድ ክረምት፣ ስለ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅና ሲሚንቶ ላይ በኖራ ስለተሣሉ ሰባት ቤቶች ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችን ባሕር ማዶ ናቸው። የልጅ ልጆቻችንን በስልክ መስታወት እናያቸዋለን፤ እጃቸውን ያወዛውዙልናል፤ እኛም እናወዛውዝላቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ የምንለው ያልቅብናል። ከአዋሽ ሰባት ቅርንጫፋችን አንዲት እናት ይህ ነበር ችግራቸው። የልጅ ልጃቸው ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ነው። አያቷን «እማማ» ትላለች፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም።

ልጅቱ ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ ለስድስት ሳምንት ወደ አዋሽ መጣች። እናቷ የፊደል ገበታ አስይዛታለች። ልጅቱ ከ«ሀ ሁ ሂ» እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ዜማ ትወርደዋለች። እኛም ተደነቅን። ቀጥሎ ግን ከገበታው መሀል «ቤ» ላይ ጣት አድርገን ይህ ማን ነው ስንላት ዝም አለች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ከ«በ» ጀምራ በልቧ እየቆጠረች ነበር። ያኔ የምታውቀው ፊደሉን ሳይሆን ዜማውን እንደሆነ ገባን።

ይህን ነገር እናውቀው ነበር፤ ከሰመራ ልጆቻችን ጋር አይተነዋልና። ሰመራ ያሉት አብዛኞቹ ልጆቻችን አፋቸውን የፈቱት በአፋርኛ ነው። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ዓይናቸው መጀመሪያ የለመደው እሱን ነው። አማርኛ የሚመጣባቸው ሁለተኛ ሆኖ ነው። ስለዚህ ከሚኒያፖሊስ የመጣችው ልጅና ሰመራ ያደገው ልጅ አማርኛን የሚጀምሩት ከአንድ ደጃፍ ነው። ለሰመራዎቹ ያወጣናቸውን ጨዋታዎች ለእሷ አዋልናቸው። ሦስቱን እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው የጆሮ ጨዋታ ነው። ከማንበብ በፊት መስማት ይቀድማል። በአማርኛ «ተ» እና «ጠ»፣ «ከ» እና «ቀ»፣ «ቸ» እና «ጨ» የተለያዩ ናቸው። ለእኛ ልዩነቱ ቀንና ሌሊት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» የሉም፤ በአፋርኛም የሉም። ያልሰሙትን ድምፅ ልጆች ማንበብ ቢማሩ እንኳ ቀድሞ የሚያውቁት ድምፅ ነው የሚወጣቸው። ልጅቱ በመጣች በሦስተኛው ቀን «አባባ መጣ» ለማለት ፈልጋ «አባባ መታ» አለች። የሰፈሩ ልጆች ሳቁ። ልጅቱ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ አልተናገረችም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ልጆቹን አስቀድመን ልንነግራቸው ይገባን ነበር።

በማግስቱ ሁለት ካርድ ሠራን። በአንዱ ላይ ትል ሣልን፤ በሌላው ላይ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ሰዎች ሣልን፤ ይህ ጥል ነው። አንዷ እናት «ትል» ወይም «ጥል» ትላለች፤ ልጆቹ ትክክለኛውን ካርድ በመዳፋቸው ይመታሉ። አሥር ጊዜ እንጠራለን። ከአሥሩ አምስት ወይም ስድስት ያገኘች ልጅ እየገመተች ነው፤ ጆሮዋ ገና አልለየም። ዘጠኝ እስክታገኝ ድረስ ወደ መናገር አናልፍም። ለልጅቱ አራት ቀን ፈጀባት። ከሰመራ ለበዓል የመጣ አንድ የአፋርኛ ተናጋሪ ልጅም አራት ቀን ፈጀበት፤ ሁለቱን በአንድ ወገን ስላሰለፍናቸው የሚስቅባቸው አልነበረም።

ጆሮ ከለየ በኋላ አፍ ይከተላል። ለዚህ ያወጣነው ዘዴ ትንፋሽ መያዝ ነው። «ትንፋሽሽን ያዥ፤ እንደያዝሽ ‹ተ›ን አሰሚኝ» ስንላት ምንም አይወጣትም፤ «ተ» ከሳንባ የሚወጣ አየር ይፈልጋል። «አሁንም እንደያዝሽ ምላስሽን ከላይ ጥርስሽ ሥር ጠበቅ አድርገሽ ድንገት ልቀቂው» ስንላት የጠርሙስ ክዳን ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ይወጣል። «ጠ» የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ቀ»ም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ምላስ የሚጠብቀው ከወደ ጉሮሮ መሆኑ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ከከንፈሯ ፊት አንጠልጥለን እንይዛለን። እንደ እንግሊዝኛ አድርጋ «ተ» ስትል ወረቀቱ ይርገበገባል፤ «ጠ» በደንብ ሲወጣ ወረቀቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል፤ ዳኛው ወረቀቱ ነው፤ የሚገሥጽ ሰው የለም። በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ልጅቱ «ቀበረ» እና «ከበረ»ን ለይታ ተናገረች። አያትዋ «የተቀበረውና የከበረው ከተለዩ ሌላው ቀላል ነው» አሉ።

ሁለተኛው ጨዋታ ሰኞ ማክሰኞ ነው። ሁላችንም በልጅነታችን በአንድ እግራችን እየዘለልን ተጫውተነዋል። እኛ ሰባት ቤት በአንድ መስመር ሠራንለት። ሳምንት ሰባት ቀን ነው፤ ፊደልም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት ነው። ሠላሳ ሦስቱ የፊደል ዘሮች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። 231 ምልክት አንድ ላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ልጅ ይፈራል። ሰባት ቤት ግን ማንም ልጅ ይዘላል።

እዚህ ላይ የተማርነው ነገር አለ፤ ከ«ሀ» አንጀምርም። ገበታው የሚጀምረው በ«ሀ» ነው፤ «ሀ» ግን አሳሳች ናት፤ በአማርኛ አንደኛዋ «ሀ» እና አራተኛዋ «ሃ» አንድ ድምፅ ናቸው። በዚያ ላይ «ሐ» እና «ኀ» የሚባሉ እኅቶች አሏት፤ እነሱም እንደሷ ይነበባሉ። ገና ደንቡን ያላየች ልጅ መጀመሪያ የምታገኘው ከደንብ የወጣውን ከሆነ ደንብ መኖሩንም አታውቅም። እኛ የጀመርነው በ«በ»፣ «ለ»፣ «ሰ» እና «ከ» ነው። አራቱም ሁለት እግር አላቸው፤ ለውጣቸውም በግልጽ ይታያል። ካዕብ ሲሆኑ ከቀኝ ጎናቸው ወገብ ላይ ትንሽ ክንድ ያወጣሉ፦ ቡ፣ ሉ፣ ሱ፣ ኩ። ሣልስ ሲሆኑ ያ ክንድ ወደ ቀኝ እግራቸው ጫፍ ይወርዳል፦ ቢ፣ ሊ፣ ሲ፣ ኪ። ኃምስ ሲሆኑ እዚያው እግር ላይ ቀለበት ያጠልቃሉ፦ ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ኬ።

ልጆች አዘውትረው የሚሳሳቱት በአራተኛውና በሰባተኛው ቤት ነው። «ባ» ግራ እግሩ አጭር ነው፤ «ቦ» ደግሞ ቀኝ እግሩ አጭር ነው። «ሳ» እና «ሶ»ም እንዲሁ ናቸው። ልጅቱ እነዚህን ሁለቱን ቀኑን ሙሉ ስታቀያይር ዋለች። ከዚያ አንዷ እናታችን «እንግዲያው ራስሽ ፊደሉን ሁኚ» አለቻት። አራተኛው ቤት ላይ ስትደርስ ግራ እግሯን አንሥታ በቀኝ እግሯ ትቆማለች፤ እሷ «ባ» ናት። ሰባተኛው ላይ በግራ እግሯ ትቆማለች፤ «ቦ» ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀት ላይ ስታየው እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ሲንቀሳቀስ እናይ ነበር። ፊደሉን በእግሯ አስታወሰችው።

ሁሉም እንዲህ አይገጥምም። «ለ» ሰባተኛ ቤት ሲደርስ እግሩ አያጥርም፤ «ሎ» ሆኖ ከራሱ ጎን ቀለበት ያወጣል። «ረ» እና «ፈ»ም ዐመለኞች ናቸው፤ «ሩ»፣ «ሪ»፣ «ፉ»፣ «ፊ» የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ እነሱን ያቆየናቸው ልጅቱ ደንቡን በደንብ ከያዘች በኋላ ነው። የታወቀ ደንብ ሲፈርስ ልጅ ይስቃል፤ ያልታወቀ ሲፈርስ ግን ግራ ይጋባል።

ስድስተኛው ቤት፣ ሳድስ፣ የራሱ ሕግ አለው። ሳድስ አንዳንዴ ትንሽ ድምፅ አለው፤ አንዳንዴ ጭራሽ የለውም። «ልብ» ስንል «ል» ጥቂት ይሰማል፤ «ብ» ግን ተዘግቶ ይቀራል። ከእንግሊዝኛ የመጣች ልጅ ሁሉንም ልታሰማ ትሞክራለች፤ «ስልክ»ን «ሲሊኪ» ትለዋለች። እኛም ስድስተኛው ቤት ላይ አይቆምም ብለን ደነገግን፤ በእግር ጣት ነክቶ ማለፍ ብቻ ነው። የቆመ ተራውን ያጣል። ይህ ሕግ ንባቧን አቀለለው።

የጨዋታው ፈተና ግን በቅደም ተከተል መዝለሉ አይደለም፤ ያማ ያው ዜማው ነው። ጠሪዋ «ቤ!» ስትል ልጅቱ ሳትቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ መድረስ አለባት። ከንፈሯ ከተንቀሳቀሰ እየቆጠረች ነው። ይህ ሲለመድ ደግሞ በተገላቢጦሽ እንጫወታለን፤ ጠጠር ወርውረን ጠጠሩ ያረፈበትን ቤት ፊደል ትጠራለች። አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ በሰኔና በሐምሌ አዋሽና ሰመራ ላይ ሲሚንቶ እግር ያቃጥላል። የምንጫወተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ልጆቹ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብለው ሲለምኑ እናቆማለን፤ ነገ በፍላጎት ይመጣሉ።

አራቱ ዘሮች ሃያ ስምንት ፊደል ይሆናሉ። ሃያ ስምንቱን ከብስኩት ካርቶን በቆረጥናቸው ካርዶች ላይ ጻፍናቸው። በእነዚህ ብቻ ስንት ቃል እንደሚነበብ ስናይ እኛም ተገረምን፦ ልብ፣ ልብስ፣ ኪስ፣ ስልክ፣ ከሰል፣ ኩል፣ ክብ፣ ኬክ፣ ኮከብ። ልጅቱ በሁለተኛው ሳምንት አያቷ ከሰል ሲያቀጣጥሉ «ከ፣ ሰ፣ ል» የሚሉትን ካርዶች ከማዳበሪያው አጠገብ ደረደረች። ከዚያ «መ» እና «ረ»ን ጨመርን፤ መንገድ ላይ ካለ ታርጋ «ሰመራ» የሚለውን አነበበች። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ አሥር ዘሮችን ትለይ ነበር። መጽሐፍ አታነብም፤ ይህን አናጋንንም። የምትችለው አጭር ቃላትን ሳትቆጥር ማንበብ ነው።

በዚህ መካከል ያላሰብነው ነገር ሆነ። አያትዋ ፊደል አልቆጠሩም። ልጅቱ ካርዶቹን ስታነብ ዳኛ ያደረግናቸው እሳቸውን ነው። ካርዱን ማየት አያስፈልጋቸውም፤ ጆሯቸው ይበቃል። ልጅቱ «ኪስ» ብላ ብታነብና ቃል ከሆነ «አዎ፣ የቀሚሴ ኪስ» ይላሉ፤ «ኬስ» ብትል «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም፣ ደግመሽ እዪው» ይላሉ። ያላነበበ ሰው ምርጥ ዳኛ ነው፤ ፊደሉን አይቶ አይረዳትም፤ ልጅቱ በድምፅ ብቻ ልታሳምነው ይገባል። በአምስተኛው ሳምንት ግን ልጅቱ «ኮብል» ብላ አንድ ያልሆነ ነገር ስታነብ፣ አያትዋ ካርዱን ዞር ብለው አዩና «መጨረሻው ‹ል› አይደለም፤ ይህስ ‹ብ› ነው፤ ኮከብ ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከልጅ ልጃቸው ጋር ቁጭ ሲሉ ፊደሉ ገብቷቸው ነበር። ዛሬ ከቁጠባ ደብተራችን ላይ የራሳቸውን ስም ያነባሉ።

ሦስተኛው ጨዋታ እንቆቅልሽ ነው፤ ይህ የመናገሩ ነው። ልጅቱ ወደ አገሯ ስትመለስ የሰኞ ማክሰኞው ሲሚንቶ እዚህ ይቀራል። ይዛ ልትሄድ የምትችለው ካርዶቹንና እንቆቅልሽን ነው። እንቆቅልሽ ውስጥ ያለው የአማርኛ ትምህርት ብዙ ነው፤ መልሱ ሰው ይለያልና። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል መላሹ ለወንድ «ምን አውቅልህ»፣ ለሴት «ምን አውቅልሽ»፣ ለትልቅ ሰው «ምን አውቅልዎ» ይላል። መላሹ ካቃተው ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ»፣ «ሀገር ስጪኝ»፣ «ሀገር ይስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ የተሰጠው ሀገር ሄዶ ያየውን ከተናገረ በኋላ መልሱን ይገልጣል። ልጅቱ መጀመሪያ አያቷን «ሀገር ስጠኝ» አለቻቸው። ሳቅን፤ ይህን ጊዜ ግን እሷም ሳቀች። ማንም አላረማትም፤ አያቷ ብቻ «ወንድ ሆንኩ እንዴ?» አሏት። በሚቀጥለው ተራ «ይስጡኝ» አለች። ይህን ሕግ አድርገነዋል፤ ልጅ እየተናገረ ሳለ አይታረምም፤ ተራው ሲደርሰን ትክክለኛውን እኛ እንናገረዋለን።

ከሄደች በኋላ ጨዋታው በድምፅ መልእክት ቀጠለ። የሰዓት ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ በስልክ መደዋወል ያስቸግራል፤ እንቆቅልሽ ግን ሲልኩት ይጠብቃል። አያትዋ ከአዋሽ እንዲህ ብለው ላኩ፦ «ከተራራ ተነሥቶ፣ በረሃ ሰንጥቆ፣ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር መንገደኛ ማን ነው?» ልጅቱ ሁለት ቀን ፈጀባት። እናቷን ጠየቀች፤ ካርታ አየች፤ «የአዋሽ ወንዝ!» ብላ ላከች። አዋሽ በእርግጥም ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። መልሱን ስታገኝ የአያቷን ሀገር በአንድ ጊዜ አወቀችው።

ሁሉም አልሰመረም። በመስከረም ትምህርት ቤቷ ሲከፈት መልእክቱ ቀነሰ፤ በጥቅምት ለሦስት ሳምንት ጠፋ። ስንጠይቅ እናቷ ለልጅቱ በእንግሊዝኛ ትመልስላት እንደነበር ሰማን። የምናውቀው ድካም ነው፤ ከሥራ ለመጣች እናት በሚቀናው ቋንቋ መናገር ይቀላል። እኛም ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ተናገሪ አላልናትም፤ እራት ላይ ብቻ፣ አንድ እንቆቅልሽ፣ በአማርኛ ብቻ አልናት። ይህ ተቻለ። መልእክቱም ተመለሰ።

ከዚያ ባንድ ምሽት ከሚኒያፖሊስ የመጣው የድምፅ መልእክት ልጅቱ ራሷ ያወጣችው እንቆቅልሽ ነበር፦ «እንቆቅልሽ! ሆዱ ብርድ፣ ጀርባው ሙቀት።» አያቷ አሰቡ፤ እኛም ተሰብስበን አሰብን። ተራራ ነው አልን፤ ሌሊት ነው አልን። አላወቅነውም። አያቷም ስልኩን አፋቸው አጠገብ አድርገው «አቃተኝ፤ ሀገር ልስጥሽ፤ ሰመራን ሰጥቼሻለሁ» ብለው ላኩ። በማግስቱ መልሱ መጣ፦ «ሰመራ ሄጄ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ… መልሱ ፍሪጅ ነው፣ እማማ!»

«ጠጥቼ» ሁለት «ጠ» አለበት። ልጅቱ ሁለቱንም አጥብቃ ተናገረቻቸው። አያትዋ መልእክቱን ለስብሰባችን ሦስት ጊዜ አሰሙን።

ዛሬ ካርዶቹ በጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሃያ ስምንቱ በአንድ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይገባሉ፤ ከረጢቱን የሰፉት የሰመራ እኅቶቻችን ናቸው። ባሕር ማዶ ልጅ ያላችሁ አንድ አንድ ውሰዱ። ዛሬ ማታም አንድ እንቆቅልሽ በድምፅ ላኩ፤ መልሱን ግን እናንተ አትናገሩ። ልጁ ያግኘው፤ ካልሆነለት ሀገር ይስጣችሁ።